«በሩን ትከፍቺያለሽ» የሚላት ማን ነው?

ጥያቄ፦
«ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ። ባለታሪኳ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የደረሳት ሴት ናት። ሁሉንም በ‹አንቺ› እና በአሁን ጊዜ ነው የጻፍኩት። እንዲህ፦ ‹በሩን ትከፍቺያለሽ። ትገቢያለሽ። ክፍሉ ባዶ ነው። ቦርሳሽን መሬት ላይ ታስቀምጫለሽ። ወደ መስኮቱ ትሄጃለሽ። ውጭውን ታያለሽ። ይህን ቤት አሥራ አራት ዓመት ቆጥበሽበታል። እናትሽ ሳታየው ሞታለች። ታዝኛለሽ።› አንዷ ጓደኛዬ አንብባ ‹እያዘዝሻት ነው ወይስ እየተነበይሽላት?› አለችኝ። አንድ ወንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹እኔን አይመለከተኝም› ብሎ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተወው። ወደ ‹እሷ› እና ወደ ኃላፊ ጊዜ ልመልሰው?»

ምላሽ፦

ቆይ፣ ገና አትመልሺው። ሁለቱም ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው፣ ግን ሁለቱም የነገሩሽ ችግሩ የት እንዳለ እንጂ መፍትሔውን አይደለም። እኔ የሰው ረቂቅ እያረምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ በ«አንተ» እና በ«አንቺ» የተጻፉ ረቂቆች ከሌላው ይበልጥ ይመጡልኛል፣ አብዛኞቹም የሚሰናከሉት አንቺ የተሰናከልሽበት ቦታ ላይ ነው።

ከሴቷ ጓደኛሽ ልጀምር። «ትከፍቺያለሽ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ለአሁንም ለነገም አንድ ነው። የትምህርት ቤት ሰዋስው ይህንኑ መልክ ለወደፊቱ ሲጠቀምበት «ትንቢት» ይለዋል፤ ስሙ ራሱ ጓደኛሽ ያለችውን ይላል። አሁን ደግሞ ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው ይህን ግሥ በ«አንቺ» የት የት እንደሚሰማው አስቢ። ወጥ ሲያስተምሩሽ፦ «ሽንኩርቱን ትከትፊያለሽ፣ ውኃውን እስኪጨርስ ታቁላይዋለሽ፣ ከዚያ በርበሬ ትጨምሪያለሽ።» አቅጣጫ ሲነግሩሽ፦ «ከታክሲ ወርደሽ ኮብልስቶኑን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ሁለተኛው ብሎክ ጋ ወደ ግራ ትታጠፊያለሽ።» ሲኒ የምታነብ ሴትዮ ፊት ስትቀመጪ፦ «መንገድ ትሄጃለሽ፣ አንድ ቀይ ሰው ታገኛለሽ።» አለቃ ሲያዝ፦ «ነገ በጠዋት መጥተሽ ፋይሉን ትወስጃለሽ።»

አንባቢሽ እነዚህን ሁሉ በጆሮው ይዞ ነው መጽሐፍሽን የሚከፍተው። «በሩን ትከፍቺያለሽ። ትገቢያለሽ።» ስትይው፣ ከእነዚህ ድምፆች የትኛው እንደሆነ ይፈልጋል። ካልነገርሽው ራሱ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ትእዛዙን ነው፣ ምክንያቱም አጫጭር ዓረፍተ ነገር ከትእዛዝ ጋር ይመሳሰላል።

ስለዚህ ከግሡ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ። «አንቺ» የሚላት ማን ነው? በጥያቄሽ ውስጥ ስለ ባለታሪኳ ነገርሽን። ስለሚያወራው ሰው ግን አንድም ቃል የለም። እኔ ረቂቁ ውስጥ የጎደለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ወንዱ ጓደኛሽ። «እኔን አይመለከተኝም» ያለው ለምን መሰለሽ? «አንቺ» የምትለዋ ቃል ገና ከአፍ ስትወጣ ጾታ ይዛ ነው የምትወጣው። አንዳንድ ቋንቋ ላይ ሁለተኛ መደብ ወንድም ሴትም ሳይል አንባቢውን በእጁ ይዞ ባለታሪኩ ውስጥ ይከተዋል። አማርኛ ይህን አይፈቅድልሽም። «አንቺ» ስትይ ግማሹ አንባቢሽ ወዲያው ውጭ ይቀራል፣ «አንተ» ስትይ ሌላው ግማሽ። እዚህ ላይ የሚሸወዱ ጸሐፊዎች አሉ። ከውጭ ቋንቋ በ«አንተ» የተጻፈ ነገር አንብበው፣ ያ አንባቢን የመጥለፍ ጉልበት በአማርኛም እንዲሁ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አይመጣም። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ጉልበት አለው።

ምን እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳይሽ። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ነው። አንድ ቀን ማታ ከመገናኛ ወደ ሰፈር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰውዬ፣ አጠገቡ ለተቀመጠች ልጅ ቆጣሪ ለማስገባት የተንከራተተውን ያወራላት ነበር። «ትሄጃለሽ» ይላታል፣ «ሰልፍ ትይዣለሽ፣ ሲደርስሽ ፋይልሽ የለም ይሉሻል፣ ሌላ ቢሮ ትወጫለሽ፣ እዚያ ያለው ሰው ስብሰባ ነው፣ ምሳ ሰዓት ይሆናል፣ እንደገና ከዜሮ።» ሄዶ የተጉላላው እሱ ነው። ጺሙ ሸብቷል። ግን የራሱን ታሪክ በሴት ግሥ ነው የሚያወራው፣ የምታዳምጠው ሴት ስለሆነች። የሚገርመው ደግሞ መኪናው ውስጥ ያለነው ወንዶች በሙሉ ጆሯችንን ሰጥተን ነው ያዳመጥነው። ረዳቱ ሳይቀር መልስ መስጠቱን ትቶ ያዳምጣል። ማናችንም «ትሄጃለሽ ስላለ እኔን አይመለከተኝም» አላልንም።

ለምን? ማን ለማን እንደሚያወራ በዓይናችን ስላየን ነው። ሰውዬው አለ፣ ልጅቷ አለች፣ እኛ ከኋላ ወንበር ነን። በአማርኛ የሁለተኛ መደብ ትረካ አንባቢውን የሚያስቀምጠው እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ባለታሪኳ ሆኖ ሳይሆን፣ ለእሷ የሚወራውን እየሰማ። ያንን ቦታ ሰው ይወደዋል። የሌላ ሰው ወሬ፣ ያውም የቅርብ ሰው ወሬ፣ አንገት ያስሰግጋል። ሙሾም የሚያስለቅሰው በዚሁ ይመስለኛል፤ አልቃሿ ሟቹን «አንተ» ትለዋለች፣ ለቀስተኛው ደግሞ ለሌላ ሰው የሚባለውን እየሰማ ያለቅሳል። ወንዱ ጓደኛሽ የሄደብሽ «አንቺ» ስላልሽ አይደለም። «አንቺ» ባዩን ስላላየው ነው።

አንዳንዱ ይህን ሽሽት ወደ «እርስዎ» ይሄዳል፤ ጾታ አያሳይምና። ፈረንሳዊው ሚሼል ቡቶር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ልቦለድ፣ ከፓሪስ ወደ ሮም በባቡር የሚሄደውን ባለታሪክ በፈረንሳይኛው የአክብሮት አጠራር ነው የሚያወራው። እዚያ ሠርቷል። እኛ ጋ ግን «እርስዎ» ሌላ ዕዳ ያመጣል። «በሩን ይከፍታሉ» ስትይ፣ የሚከፍቱት እርስዎ ናቸው? እሳቸው ናቸው? ወይስ ጎረቤቶቹ ናቸው? ግሡ ለሦስቱም አንድ ነው። አንድ ገጽ ትችይው ይሆናል። ሦስት መቶ ገጽ ላይ ግን በየመስመሩ «እርስዎ» እያልሽ ማስታወስ ይመጣል፣ ያ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስመስለዋል። በ«አንቺ» ቆዪ።

እንግዲህ ባዩን እንፈልግለት። እኔ ያንቺን መጽሐፍ አልጽፍልሽም፣ ግን አንቀጽሽን ይዤ አንድ ሙከራ ላድርግ። ባለታሪክሽ ታናሽ እህት አላት እንበል። አሥራ አራት ዓመት በየወሩ ባንክ የገባው ብር ግማሹ ከታናሿ ደሞዝ ነው። ምዝገባው ግን በታላቋ ስም ብቻ ነው። ዛሬ ቁልፍ የተረከበችው ታላቋ ናት፤ ታናሿ ኪራይ ቤት ቁጭ ብላ፣ እህቷ ይኼን ጊዜ ምን እያደረገች እንደሆነ ታስባለች። የአንቺን አንቀጽ በእሷ አፍ ስናስገባው፦

«ይኼኔ ደርሰሻል። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሦስተኛው ላይ አረፍ ሳትዪ አትቀሪም፣ ጉልበትሽን አውቀዋለሁ። ቁልፉ አዲስ ስለሆነ ይጠብቃል። በሩን በትከሻሽ ገፋ አድርገሽ ትገቢያለሽ። ባዶ ነው። ወለሉ ሊሾ እንኳ የለውም፣ ኮቴሽ ብቻውን ይጮኻል። ቦርሳሽን የምታሳርፊበት ጠፍቶ፣ ትከሻሽ ላይ እንዳንጠለጠልሽው መስኮቱ ጋ ቆመሻል። ከታች አንድ ልጅ ሲሚንቶ ተሸክሞ እየወጣ ነው። አሥራ አራት ዓመት ቆጥበሽበታል። ቆጥበንበታል። እማዬን አታነሺም። ስልክሽን አውጥተሽ ክፍሉን ፎቶ ታነሻለሽ፣ ለእኔ ግን አትልኪልኝም።»

ይህን ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጪና አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ «ይኼኔ»። አንዲት ቃል ናት፣ ግን የሴቷን ጓደኛሽን ጥያቄ ትመልሳለች። «ትገቢያለሽ» አሁን ትእዛዝም ትንቢትም አይደለም። ታናሿ በሐሳቧ የምትከተላት ነው። ያ አሁንና ነገን የሚያደበላልቀው የግሡ ጠባይ፣ ቀድሞ ችግር የነበረው፣ እዚህ ጋ ጥቅም ሆነ። አንባቢው ታላቋ በእርግጥ መስኮቱ ጋ ቆማ ይሁን ወይስ ታናሿ ፈጥራው አያውቅም፣ አለማወቁም ታሪኩን ይጎትተዋል።

ሁለተኛው የቁጠባው ጉዳይ ነው። የአንቺ አንቀጽ «አሥራ አራት ዓመት ቆጥበሽበታል» ይላል። ለማን ነው የሚነገረው? እሷ ታውቀዋለች፣ ራሷ ናት የቆጠበችው! «እናትሽ ሳታየው ሞታለች» ደግሞ ይብሳል። እናቷ መሞቷን የማታውቅ ልጅ የለችም። ይህ በሁለተኛ መደብ ረቂቆች ላይ በብዛት የማየው ስህተት ነው። በ«እሷ» ብትጽፊው ምንም አይልም፤ ተራኪው ለአንባቢው እየነገረ ነው። በ«አንቺ» ስትጽፊው ግን ሰሚዋ ራሷ ባለታሪኳ ናት። አንድ ጊዜ የመጣልኝ ረቂቅ «ዕድሜህ ሠላሳ ሁለት ነው። ሚስትህ ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሉህ» ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ ጸሐፊው ባለታሪኩን ሊያስተዋውቀን ነበር የፈለገው፣ እኔ ግን ያየሁት ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠ ሰው ፊት መዝገብ ሲነበብ ነው።

ሰው ለሰው የሚታወቅ ነገር የሚነግረው ሲከሰው፣ ሲለምነው ወይም ሲያስታውሰው ነው። «ቆጥበሽበታል። ቆጥበንበታል።» የምትለው እህት መረጃ እየሰጠች አይደለም፤ ድርሻዋን እየጠየቀች ነው። አንባቢው ግን በመሐል ዓመቱንም፣ ብሩ የሁለት ሰው መሆኑንም ሰማ። በ«ሽ» እና በ«ን» መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቺው፣ መላው የእህትማማቾቹ ጠብ እዚያ ውስጥ ነው። ከሰባቱ ምዕራፍሽ ውስጥ ባለታሪኳ የምታውቀውን ነገር የሚነግራትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አስምሪበትና «ይህን አሁን ለእሷ የሚያስነግር ምን ጠብ ወይም ምን ፍቅር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ የሌለውን አውጪው። ወይ ለሌላ ሰው አፍ ስጪው፣ ደላላው ወይም ጎረቤት ይናገረው።

ሦስተኛ፣ «ታዝኛለሽ»። ይህን ስታነቢ ውስጥሽ ምን ይላል? የእኔ «አላዝንም» ይላል። ሰው ስሜቱን ሲነግሩት ይቃወማል፣ በተለይ በ«አንቺ» ሲሆን። «አዘነች» ቢባል ዝም ብለን እናምናለን። «ታዝኛለሽ» ግን ማረጋገጫ ይጠይቃል። ታናሿ «እማዬን አታነሺም» ስትል ኀዘን የሚል ቃል የለም። አንባቢው ግን ያዝናል፣ አለማንሳቷ ራሱ ስለሚናገር። እንዲያውም አንድ ነገር ልብ በዪ፤ አማርኛ ለስሜት ሲሆን ሰውየውን ባለቤት ማድረግ ብዙም አይወድም። ይከፋሻል፣ ሆድ ይብስሻል፣ ይጨንቅሻል፣ ይበርድሻል። ስሜቱ ነው የሚመጣብሽ። የግድ ስሜት መጥራት ካለብሽ ከ«ትጨነቂያለሽ» ይልቅ «ይጨንቅሻል» በዪ፤ ሰውን አያስቆጣም፣ ምክንያቱም የማታዝዢውን ነገር ነው የምትነግሪው።

አሁን ድምፁን ስሚው። ይህን ጮክ ብለሽ ካላነበብሽ አታገኚውም። የአንቺ አንቀጽ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር አለው። ስድስቱ የሚያልቁት በ«ለሽ» ነው። ትከፍቺያለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ ታስቀምጫለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ ታያለሽ፣ ታዝኛለሽ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ በሁለተኛ መደብ ስትጽፊ ሳታስቢው ቤት የሚመታ ግጥም ይወጣሻል፣ ያውም ሰባት ምዕራፍ ሙሉ። አንባቢው ለምን እንደሰለቸው ላያውቅ ይችላል። ጆሮው ግን ደክሟል። እንደ እንግሊዝኛ ያሉ ቋንቋዎች ላይ ግሡ መሐል ስለሚውል ይህ መከራ እንዲህ አይበረታም።

በሙከራዬ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር አለ። በ«ለሽ» የሚያልቀው አንዱ ብቻ ነው፣ «ትገቢያለሽ»። እንዴት? ግማሹ ላይ ባለቤቱ እሷ አይደለችም። ቁልፉ ይጠብቃል፣ ኮቴዋ ይጮኻል፣ ልጁ ሲሚንቶ ይዞ ይወጣል። ሌላው ግማሽ ላይ ደግሞ የግሡ መልክ ተቀያይሯል። አሉታው ብዙ ይረዳል፤ «አታነሺም»፣ «አትልኪልኝም» ሲሆን ያ የመጨረሻው «አለሽ» ይወልቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ አለማድረግ ራሱ ይታያል። እሷ ያላደረገችውን የሚቆጥር ሰው፣ የሚጠብቃት ሰው ነው።

ስለ ግሡ መልክ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ጋ ነው የአሁን ጊዜ ትረካ የሚሞተው ወይም የሚድነው። ብዙ ሰው «አሁን ጊዜ» ሲባል አንድ መልክ ብቻ ያለ ይመስለዋል። አማርኛ ለአሁን ሦስት አለው። «ትገቢያለሽ» ለድርጊቱ። «እየገባሽ ነው» በመሐል ላለ ነገር። «ቆመሻል»፣ «ተቀምጠሻል»፣ «ደርሰሻል»፣ «ለብሰሻል» ደግሞ አልቆ ውጤቱ አሁን ለሚታይ ነገር። ሦስተኛውን ብዙ ረቂቅ ይረሳዋል። መስኮት ጋ ያለችን ሴት «ትቆሚያለሽ» ብትያት ገና ልትቆም ነው። «እየቆምሽ ነው» ብትያት ከወንበር እየተነሳች ነው። ቆማ ያለችዋ «ቆመሻል» ናት። ለአቋም፣ ለልብስ፣ ለመኝታ፣ ለመያዝ ሁሉ ትክክለኛው የአሁን ጊዜ ይህ ነው። «ሻንጣ ይዘሻል» እንጂ «ሻንጣ ትይዣለሽ» አይደለም።

ሁለተኛውን ደግሞ አታብዢው። «እየሄደ ነው፣ እየመጣ ነው፣ እየወጣ ነው» ሲደረደር በሬዲዮ የሚተላለፍ የኳስ ጨዋታ ይሆናል። እኔ ለዳር ነገር ነው የምጠቀምበት። እሷ መስኮት ጋ ቆማለች፣ ከታች ልጁ እየወጣ ነው። ዋናው ረግቷል፣ ዳሩ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ «ትሄጃለሽ» የልማድም ነው። «ጠዋት ተነስተሽ ቡና ታፈያለሽ» ካልሽ፣ ዛሬ ነው ወይስ በየቀኑ? አንባቢው አንድ ገጽ ሙሉ የዛሬ መስሎት ያነብና መጨረሻ ላይ የየዕለቱ ሆኖ ያገኘዋል፣ ወይም በተቃራኒው። መፍትሔው የሰዓት ቃል መደርደር አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን የሚችል ነገር አስገቢ። በየቀኑ የማይጠብቅ ቁልፍ። በየቀኑ የማይወጣ ሲሚንቶ። ያ ሲኖር «ዛሬ» ማለት አያስፈልግሽም።

ከዚያ «ነበር»። ይኼ ደስ የሚለው ክፍል ነው። በኃላፊ ጊዜ ስትጽፊ ወደ ኋላ ለመመለስ «ነበር» ያስፈልግሻል፤ ሄዳ ነበር፣ ነግራት ነበር፣ ተከራይተው ነበር፣ ገጹ ሙሉ ነበር ይሆናል። በአሁን ጊዜ ስትጽፊ ግን ትዝታው ተራ ኃላፊ ይበቃዋል። «በ1997 ተመዘገብሽ። እማዬ ፎርሙን በላስቲክ ጠቅልላ ፍራሽ ሥር አኖረችው።» አለቀ። ንጹህ ነው። ረቂቆች ግን ከልማድ የተነሳ አሁን ጊዜው ውስጥ «ነበር» ይረሳሉ፤ «መስኮቱ ጋ ቆመሻል። በሩ ክፍት ነበር።» መቼ? አሁን ተዘጋ? ፋይልሽን ክፈቺ፣ `Ctrl+F` ብለሽ «ነበር»ን ፈልጊ፣ እያንዳንዱ ላይ ቁሚ። እውነተኛ የድሮ ነገር ያልሆነውን ወደ «ነው» ወይም ወደ «አለ» መልሺ። ግማሽ ቀን ይፈጅብሻል፣ ግን የጊዜ መንሸራተቱ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል።

በዚያው ንግግር ላይ ያለውን «አለች» እይው። ትረካው አሁን ከሆነ «ትላለች»፣ «ትይኛለሽ» ነው። ወንዱ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «አለ» ማለት «ተናገረ»ም ነው፣ «ይገኛል»ም ነው፤ በድምፅ ይለያል፣ በጽሑፍ ግን አንድ ነው። በኃላፊ ትረካ ውስጥ ብዙ አያጋጭም። በአሁን ትረካ ውስጥ «በር ላይ ደላላው አለ» ስትይ ቆሞ ነው ወይስ ተናግሮ? እዚህ «ደላላው በር ላይ ቆሟል» ማለት ይሻላል።

ስለ «አንቺ» አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሀብት ስለሆነ። ባዩን ካወቅሽው በኋላ አጠራሩን መቀየር ትችያለሽ። ታናሿ ለታላቋ ሁሌ «አንቺ» ስትል ቆይታ፣ በሆነ ምዕራፍ ስልክ አንስታ «እንኳን ደስ አለዎት» ብትላት፣ ምንም ስድብ ሳይኖር በሩ ተዘጋ። ሴትን ልጅ «አንተ» ማለትም ቁልምጫ ነው፤ እናትየው ታላቋን በልጅነቷ «አንተ» ትላት ከነበረ፣ ታናሿ በመጽሐፉ መሐል አንድ ቦታ ላይ ብቻ «አንተ» ብላ ብትጠራት የእናትየው ድምፅ ይመጣል። ይህን በ«እሷ» ማድረግ አትችይም። በእንግሊዝኛም አይቻልም። አማርኛ ጾታውንና አክብሮቱን ስላስገደደሽ የከፈልሽውን ዋጋ በዚህ ነው የምትመልሺው።

ልመልሰው ወይ ላልሽው፣ ሳትወስኚ በፊት አንድ ምዕራፍ ውሰጂ፤ የመጀመሪያውን አትውሰጂ፣ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ይሁን። ሙሉውን በ«እሷ» እና በኃላፊ ጊዜ ገልብጪው። ሁለቱን ለማታውቂው ሰው ሳይሆን ለራስሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ሲገለበጥ ምንም ካልጎደለ «አንቺ» ጌጥ ነበር፣ በ«እሷ» ቀጥዪ፣ ምንም አያሳፍርም። አንድ ነገር ከጎደለ፣ የሚከስ ወይም የሚናፍቅ ድምፅ ከጠፋ፣ ያ የጠፋው ሰው ተራኪሽ ነው። ስሙን አውጪለት፣ የት ተቀምጦ እንደሚያወራ ወስኚ፣ ከዚያ ሰባቱን ምዕራፍ በእሱ አፍ ድገሚው። ምናልባት ሁሉም ምዕራፍ በእሱ አይሆን ይሆናል። ተራኪው የማያውቃቸው ምዕራፎች ካሉ፣ ለምሳሌ ታላቋ ከደላላው ጋር ብቻዋን የምትነጋገርበት፣ እነሱን በ«እሷ» ብትተዪያቸው አንባቢው እረፍትም ያገኛል፣ ያ የ«ለሽ» ድምፅም ተመልሶ ሲመጣ ትኩስ ይሆናል።

እኔ ያመጣኋትን እህት ከወሰድሽ ደግሞ ከወዲሁ አስቢበት። «ይኼኔ» የሚለው ትረካ የሚሠራው ታናሿ ቤቱን እስካላየች ድረስ ነው። አራተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ያንን በር በራሷ እጅ የገፋች ቀን፣ «ትገቢያለሽ» ሐሳብ መሆኑ ያበቃል። ያን ቀን ግሡ መቀየር አለበት፤ ወደ «ገባሁ» ይሁን ወደ «ገባን» አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ብሆን ያንን ትዕይንት አሁኑኑ፣ ስምንተኛውን ከመጀመሬ በፊት እጽፈው ነበር።